ማሽኑ ሳይት በገባበት ቀን የሚመዘገብ ዕዳ

ሁለት የመንገድ ሥራ ተቋራጮች አሉ እንበል። አንደኛው ከባንክ ተበድሮ ኤክስካቫተር ገዛ። ሁለተኛው ያንኑ ዓይነት ኤክስካቫተር ለአራት ዓመት ተከራየ፤ ውሉን ማፍረስ አይችልም፣ ኪራዩንም በየዓመቱ የመክፈል ግዴታ ገብቷል። ሁለቱም ለዓመታት የሚቆፍሩበት ማሽን አላቸው፣ ሁለቱም ለዓመታት የሚከፍሉት ገንዘብ አለባቸው። ለረጅም ጊዜ በሠራበት የሂሳብ አያያዝ ግን የመጀመሪያው ተቋራጭ ሪፖርት ላይ ማሽኑም ብድሩም ሲታዩ፣ የሁለተኛው ላይ ማሽኑም ዕዳውም አይታዩም ነበር። ኪራዩ በተከፈለ ቁጥር ወጪ ተብሎ ይመዘገባል፣ የቀሩት ዓመታት ግዴታ ግን የሚገኘው ከሪፖርቱ ኋላ በሚመጡት ማብራሪያዎች ውስጥ ብቻ ነው።

ይህ ክፍተት ትንሽ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ቦርድ ባወጣው ግምት መሠረት፣ ዓለም አቀፉን ወይም የአሜሪካን የሂሳብ ደረጃ የሚከተሉ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች 3.3 ትሪሊዮን ዶላር የሚያህል የኪራይ ግዴታ ነበረባቸው፤ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው በሀብትና ዕዳ መግለጫቸው ላይ አልሰፈረም። የቦርዱ ሊቀ መንበር የነበሩት ሰር ዴቪድ ትዊዲ፣ ከመሞታቸው በፊት በአየር መንገዱ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ በተመዘገበ አውሮፕላን መብረር እንደሚመኙ በአደባባይ ተናግረው ነበር። አየር መንገዶች ብዙ አውሮፕላኖችን ተከራይተው እያበረሩ፣ አውሮፕላኖቹ በሪፖርታቸው ላይ አለመኖራቸውን መንቀፋቸው ነው።

ለውጡ የመጣው ቦርዱ አይኤፍአርኤስ 16 የተባለውን ደረጃ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሲያወጣ ነው። ደረጃው ከጥር 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ስለተቀበለች፣ ሙሉውን ደረጃ የሚከተሉ የሀገራችን ድርጅቶች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። የደረጃው ሐሳብ አጭር ነው፦ ማሽን ለዓመታት የተከራየ ሰው የማሽኑን ባለቤትነት ባይገዛም፣ ለእነዚያ ዓመታት በማሽኑ የመጠቀም መብት ገዝቷል፤ የገዛውም በዱቤ ነው። ስለዚህ መብቱ እንደ ሀብት፣ ዱቤው እንደ ዕዳ ይመዘገባል።

ምዝገባው ራሱ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የሚያደክመው በሁለቱ መስመሮች ላይ የሚሰፍረውን ቁጥር ማግኘት ነው። አንድ የምሳሌ ውል ወስደን እስከ መጨረሻው እንከተለው።

ውሉ

ተቋራጩ ኤክስካቫተሩን የሚከራየው ለአራት ዓመት ነው። አከራዩ ማሽኑን ከኦፕሬተርና ከጥገና ጋር ያቀርባል፤ ነዳጅ የተቋራጩ ነው። ዋጋው በሰዓት 3,000 ብር ሲሆን፣ በዓመት ቢያንስ የ1,600 ሰዓት ኪራይ ይከፈላል፤ ማሽኑ ቢሠራም ቢቆምም። ይህ በዓመት 4,800,000 ብር ይሆናል። ክፍያው በየዓመቱ መጨረሻ ይፈጸማል፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻው ይታከልበታል። ከ1,600 ሰዓት በላይ ከተሠራ ትርፉ ሰዓት በዚያው ዋጋ ይታሰባል። ውሉ የተፈረመው ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው፤ ማሽኑ ሳይት ደርሶ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተረከቡት ግን ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ በእርግጥ ኪራይ ነው ወይ የሚለው ነው። በውል ወረቀቱ አናት ላይ ኪራይ መባሉ አይበቃም። ማሽኑ ተለይቶ የታወቀ መሆን አለበት፤ በሻንሲ ቁጥሩ ቢጠቀስ ወይም ተለይቶ ቢሰጥ ይበቃል። አከራዩ በፈለገው ጊዜ ሌላ ማሽን የመተካት ተግባራዊ አቅም ካለው፣ ከመተካቱም የሚጠቀም ከሆነ ግን ተከራዩ የያዘው የተለየ ማሽን አይደለም። ማሽኑ በተበላሸ ጊዜ ብቻ ምትክ ማምጣት ይህን መልስ አይቀይረውም። ቀጥሎ የሚታየው ማሽኑ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው። በእኛ ምሳሌ መሪውን የያዘው የአከራዩ ኦፕሬተር ቢሆንም፣ ዛሬ የት ይቆፈር፣ መቼ ይጀመር፣ ለየትኛው ሥራ ይሰለፍ የሚለውን የሚያዘው የተቋራጩ ፎርማን ነው። ስለዚህ ውሉ ኪራይ ነው። በተቃራኒው ተቋራጩ ለአንድ ድርጅት ይህን ያህል ሜትር ኪዩብ አፈር ቆፍረህ አስረክበኝ ብሎ ቢዋዋልና በየትኛው ማሽን፣ መቼና እንዴት እንደሚቆፈር ያ ድርጅት ራሱ ቢወስን፣ የተገዛው አገልግሎት እንጂ በማሽን የመጠቀም መብት አይደለም።

የትኛው ብር ይቆጠራል?

4,800,000 ብሩ ሁሉ የማሽን ኪራይ አይደለም። ኦፕሬተሩና ጥገናው በየጊዜው የሚቀርቡ አገልግሎቶች ናቸው፤ ገና ያልተሰጠ አገልግሎት ደግሞ ዛሬ ዕዳ አይሆንም። ስለዚህ ክፍያው ይከፈላል። ለመክፈል የሚያገለግለው እያንዳንዱ ለብቻው ቢቀርብ የሚያወጣው የገበያ ዋጋ ነው። ማሽኑ ያለ ኦፕሬተርና ያለ ጥገና ለዓመት በ4,200,000 ብር፣ ኦፕሬተሩና ጥገናው ለብቻቸው በ840,000 ብር ይገኛሉ እንበል። ድርሻቸው አምስት ለአንድ ነው። በዚህ ድርሻ 4,800,000 ብሩ ሲከፋፈል 4,000,000 ለማሽኑ፣ 800,000 ለአገልግሎቱ ይደርሳል። የአገልግሎቱ ድርሻ በየወሩ እንደተለመደው ወጪ ይሆናል።

ደረጃው ሳይለያዩ ሁሉንም እንደ ኪራይ መያዝንም ይፈቅዳል፤ ይህ ምርጫ ግን ለአንድ ውል ብቻ ሳይሆን ለተመሳሳይ ሀብቶች ሁሉ የሚደረግ ነው። ሥራ ያቃልላል፣ ዕዳውን ግን ያገዝፋል። በእኛ ምሳሌ ዕዳው በአንድ አምስተኛ ይጨምር ነበር።

የሰዓቱ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ክፍያው በሰዓት ስለተሰላ ተለዋዋጭ ይመስላል። ነገር ግን ማሽኑ ባይንቀሳቀስ እንኳ የ1,600 ሰዓት ዋጋ መከፈሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህ በሰዓት ስም የቀረበ ቋሚ ክፍያ ነው፣ ዕዳው ውስጥም ይገባል። ከዚያ በላይ ያለው ሰዓት ግን በአጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ነው። ዕዳው ውስጥ አይገባም፤ ሰዓቱ በተሠራበት ወቅት ወጪ ይሆናል። ውሉ ዝቅተኛ ሰዓት ባይኖረው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን የሚመዘገብ የኪራይ ዕዳ አይኖርም ነበር፤ ተቋራጩ በተግባር በዓመት 2,000 ሰዓት እንደሚሠራ በልቡ ቢያውቅም። ሪፖርት የሚያነብ ሰው ይህን የደረጃውን ወሰን ማወቅ አለበት፦ አጠቃቀማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ድርጅቶች በአንዲት የውል አንቀጽ የተነሳ እጅግ የተራራቀ ዕዳ ሊያሳዩ ይችላሉ።

ተመላሽ የሚሆን ተጨማሪ እሴት ታክስም አይቆጠርም። ለአከራዩ ቢከፈልም ታክስ እንጂ ኪራይ አይደለም። የአከራዩን ደረሰኝ ጠቅላላ ድምር ወስዶ ማስላት ዕዳውን ያለ አግባብ በ15 በመቶ ያሳብጠዋል።

ስንት ዓመት?

የእኛ ውል አራት ዓመት ብሎ ጨርሷል። ብዙ ውል ግን እንዲህ ግልጽ አይደለም። ከአሥራ ሁለት ወር ያልበለጠና የመግዛት ምርጫ የሌለው ኪራይ ከዚህ ምዝገባ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያው በጊዜው ወጪ ይደረጋል። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ የሚታደስ የአንድ ዓመት ውል ማየት የተለመደ ነው። የማደሱ መብት በውሉ ለተከራዩ ከተሰጠና ተከራዩ እንደሚያድሰው በበቂ እርግጠኝነት የሚታወቅ ከሆነ፣ የሚታደሱት ዓመታትም ይቆጠራሉ። የሦስት ዓመት የመንገድ ፕሮጀክት የያዘ፣ ለማሽኑ ሲል ማረፊያና መንገድ የሠራ፣ ምትክ ማሽን ለማግኘት የሚቸገር ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ ማሽኑን እመልሳለሁ ቢል ኦዲተር በቀላሉ አይቀበለውም። በአንጻሩ ለመታደሱ የሁለቱም ወገን አዲስ ስምምነት የሚያስፈልግ ከሆነና ሁለቱም ያለ ከባድ ኪሳራ መለያየት ከቻሉ፣ የሚቆጠረው የአንዱ ዓመት ብቻ ነው።

የዛሬው ዋጋ

ተቋራጩ ለማሽኑ በአራት ዓመት ውስጥ 16,000,000 ብር ይከፍላል። ዕዳው ግን 16,000,000 ብር አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ የሚከፈል 4,000,000 ብር ዛሬ ከሚከፈል 4,000,000 ብር ያንሳል፤ በመካከል ወለድ አለና። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ በወለድ ተቀንሶ ወደ ዛሬ ዋጋው ይመለሳል።

በየትኛው የወለድ መጠን? አከራዩ በኪራዩ ውስጥ ያሰበው ወለድ በቀላሉ የሚታወቅ ከሆነ እሱ ይቀድማል። ለዚያ ግን አከራዩ ማሽኑን በስንት እንዳስገባውና ከአራት ዓመት በኋላ በስንት እንደሚሸጠው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ተከራዩ የሚያውቀው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው፣ ተቋራጩ ተመሳሳይ ዋጋ ያለው ሀብት ለማግኘት በተመሳሳይ ጊዜ፣ በተመሳሳይ መያዣ ቢበደር የሚጠየቀው ወለድ ነው። ባንኩ 18 በመቶ ይጠይቀዋል እንበል።

የአንደኛው ዓመት ክፍያ አንድ ጊዜ ለ1.18 ይካፈላል፣ የሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ እያለ ይቀጥላል።

አንደኛ ዓመት፦ 3,389,831 ብር
ሁለተኛ ዓመት፦ 2,872,738 ብር
ሦስተኛ ዓመት፦ 2,434,523 ብር
አራተኛ ዓመት፦ 2,063,155 ብር
ድምር፦ 10,760,247 ብር

ይህ ድምር የኪራይ ዕዳው ነው። ከ16,000,000 ብር ጋር ያለው ልዩነት፣ ማለትም 5,239,753 ብር፣ በአራቱ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እንደ ወለድ ወጪ የሚታይ ነው።

የወለዱ መጠን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት 18 በመቶውን በ12 በመቶ እንተካው። ዕዳው 12,149,397 ብር ይሆናል። ውሉም ማሽኑም ሳይለወጥ በ1,389,150 ብር ጨመረ ማለት ነው። ዕዳውን አሳንሶ ማሳየት የሚፈልግ ድርጅት ወለዱን ከፍ ለማድረግ ይፈተናል። ስለዚህ መጠኑ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የቅርብ ጊዜ የብድር ውል ወይም የባንክ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ከስሌቱ ጋር ተያይዞ መቀመጥ አለበት።

ሁለቱ መስመሮች

አሁን ምዝገባው ቀላል ነው። ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የሂሳብ ሠራተኛዋ እንዲህ ትጽፋለች፦

ዴቢት፦ የመጠቀም መብት ሀብት (ኤክስካቫተር) 10,760,247 ብር
ክሬዲት፦ የኪራይ ዕዳ 10,760,247 ብር

ቀኑ ጥር 1 መሆኑን ልብ ይሏል። ፊርማው ጥቅምት ላይ ቢሆንም፣ ተቋራጩ ማሽኑን መጠቀም የሚችለው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ነው፤ መብቱም ዕዳውም የሚወለዱት ያን ዕለት ነው። ማሽኑ ወደብ ላይ ቢዘገይ ምዝገባውም አብሮ ይዘገያል። በተቃራኒው ማሽኑ ሳይት ገብቶ ዝግጁ ከሆነ፣ ተቋራጩ ሥራ ስላልጀመረ ብቻ ምዝገባውን ማቆየት አይችልም። የርክክብ ሰነዱ ላይ ያለው ቀን ከውሉ ቀን ይልቅ ለሂሳብ ክፍሉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሁለቱ መስመሮች እኩል መሆናቸው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዕዳው የሚለካው ወደፊት በሚከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው። ሀብቱ ግን መብቱን ለማግኘት የወጣውን ሁሉ ይሰበስባል። ተቋራጩ ይህን ማሽን ላገናኘው ደላላ 240,000 ብር ኮሚሽን ከፍሏል እንበል። ውሉ ባይፈረም ኖሮ ይህ ወጪ አይኖርም ነበርና ሀብቱ ላይ ይታከላል፦

ዴቢት፦ የመጠቀም መብት ሀብት 240,000 ብር
ክሬዲት፦ ባንክ 240,000 ብር

ሀብቱ 11,000,247 ብር ይሆናል፤ ዕዳው እዚያው 10,760,247 ላይ ይቆያል። ከርክክቡ በፊት የተከፈለ ቅድመ ክፍያ ቢኖርም እንዲሁ ሀብቱ ላይ ይታከላል፣ አስቀድሞ ተከፍሏልና ዕዳው ውስጥ አይገባም። ለመያዣ የተሰጠና ማሽኑ ሲመለስ የሚመለስ ገንዘብ ግን ኪራይ ስላልሆነ ለብቻው እንደ ተሰብሳቢ ይያዛል። ሰው በደመወዝ ተቀጥሮ ውሉን ሲያዘጋጅ የከረመበት ወጪም አይታከልም፤ ውሉ ቢፈረምም ባይፈረምም ደመወዙ ይከፈል ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ በ10,760,247 ብር ዕዳ ላይ የ18 በመቶ ወለድ ይታሰባል፤ 1,936,845 ብር። ከተከፈለው 4,000,000 ብር ይህ ሲቀነስ 2,063,155 ብር ዕዳውን ያቃልላል፣ ቀሪው 8,697,092 ብር ይሆናል። ሀብቱ ደግሞ በአራት ዓመት እኩል ተከፋፍሎ በዓመት 2,750,062 ብር የእርጅና ቅናሽ ይደረግበታል። በመጀመሪያው ዓመት ወለዱና የእርጅና ቅናሹ ተደምረው 4,686,907 ብር ወጪ ይሆናሉ፤ በአራተኛው ዓመት ግን 3,360,231 ብር ብቻ። ከእጅ የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ እኩል ሆኖ ወጪው መጀመሪያ ላይ የሚከብደው፣ ዕዳው ትልቅ በሆነበት ጊዜ ወለዱም ትልቅ ስለሆነ ነው። ትርፉ በመጀመሪያው ዓመት ለምን እንደቀነሰ ባለአክሲዮኖች ሲጠይቁ መልሱ ይህ ነው።

የበለጠ የሚያስደነግጠው የሀብትና ዕዳው ሚዛን ነው። ተቋራጩ ከዚህ ውል በፊት 40 ሚሊዮን ብር ሀብትና 16 ሚሊዮን ብር ዕዳ ነበረው እንበል። ዕዳው የሀብቱ 40 በመቶ ነበር። ከምዝገባው በኋላ ሀብቱ 50.76 ሚሊዮን፣ ዕዳው 26.76 ሚሊዮን ሆኖ ድርሻው ወደ 53 በመቶ ይወጣል። ባንክ በብድር ውሉ ላይ ዕዳህ ከሀብትህ ግማሽ እንዳይበልጥ ብሎት ከሆነ፣ ተቋራጩ አንዲት ሳንቲም ሳይበደር ውሉን ሊጥስ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱ መሠራት ያለበት ከፊርማው በፊት ነው። ከባንኩም ጋር የሚደረገው ንግግር የኪራይ ዕዳ በመለኪያው ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለውን አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት።

እንዴት ይመረመራል?

ስሌቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሁሉም ሰው ሊሠራው የሚችል አንድ ፍተሻ አለ። ዕዳውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰንጠረዥ ማውረድ ነው፦ ቀሪ ዕዳ፣ ወለድ መደመር፣ ክፍያ መቀነስ። በእኛ ምሳሌ ዕዳው ከ8,697,092 ወደ 6,262,569፣ ከዚያ ወደ 3,389,831 ወርዶ ከአራተኛው ክፍያ በኋላ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ላይ ካልደረሰ ከሦስቱ አንዱ ተሳስቷል፦ ወለዱ፣ የክፍያው መጠን ወይም የክፍያው ቀን። በተለይ ክፍያው በዓመቱ መጀመሪያ ሆኖ ሳለ እንደ ዓመቱ መጨረሻ ማስላት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ሰንጠረዡ የማይይዘው ስህተት ግን አለ። ከናካቴው ያልተመዘገበ ውል ማንኛውም ስሌት አያጋልጠውም። እሱን ለማግኘት የሂሳብ መዝገቡን የማሽን ኪራይ ወጪ አውጥቶ ማየት ይሻላል። በየወሩ ወይም በየዓመቱ ለአንድ አከራይ እኩል የሆነ ክፍያ እየወጣ ከሆነ ውሉ ተፈልጎ ይነበብ፤ ዝቅተኛ ሰዓት፣ የማራዘሚያ አንቀጽ ወይም ከዓመት የሚያልፍ ጊዜ ሊኖርበት ይችላል።

በመጨረሻ ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው መኖራቸውን መናገር ያስፈልጋል። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀውን ደረጃ የሚከተሉ ድርጅቶች በአይኤፍአርኤስ 16 አይገዙም፤ እዚያ ኪራይ አሁንም እንደ ባሕርዩ በሁለት ይከፈላል፣ ተራ የሆነው ኪራይ በየጊዜው ወጪ ይደረጋል። አከራዩም ቢሆን የተከራዩ መስታወት አይደለም፤ የማሽኑ ጥቅምና ሥጋት እሱ ጋር ከቀረ ማሽኑን በራሱ መዝገብ እንደያዘ ይቀጥላል። ስለዚህ የሁለት ድርጅቶችን ሪፖርት ጎን ለጎን ይዞ ማን የበለጠ ባለዕዳ እንደሆነ ከመፍረድ በፊት፣ ሁለቱም የትኛውን ደረጃ እንደሚከተሉ ማየት፣ ቀጥሎም ዝቅተኛ የኪራይ ሰዓታቸውን፣ የውላቸውን ዓመትና የተጠቀሙበትን ወለድ መጠየቅ ተገቢ ነው። እነዚህን የመለሰ ሰው ሁለቱን መስመሮች ራሱ መጻፍ ይችላል።